በፋይሉ ደማቅ፣ በአፑ ደብዛዛ፦ የአንድ ዘፈን የድምፅ ልክ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ እንዴት መጣ

አንዲት ወጣት ድምፃዊ የመጀመሪያ ነጠላ ዜማዋን በሙዚቃ ማጫወቻ አፖች ላይ ለቀቀች። የቀዳላት፣ ሚክስ ያደረገላትና ማስተር የሠራላት አንድ ልጅ ነው። ያለው መሣሪያ ላፕቶፕ፣ አንድ ማይክ፣ ሁለት ትናንሽ ስፒከሮችና አንድ ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ነው። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ጆሮም አለው።

ዘፈኑ በወጣ በሁለተኛው ቀን ማታ ደወለችልኝ። ድምጿ ላይ ንዴት ነበር።

«ጋሼ፣ ዘፈኔ አፑ ላይ ሲገባ ሞተ» አለችኝ። «ስልኬ ላይ ያለው ፋይል ቤቱን ያናውጣል። አፑ ላይ ስከፍተው ግን ተኮራምቶ ነው የሚመጣው። ከሌሎች ዘፈኖች ጋር ሳስተያየው ደግሞ ጠፍጣፋ ነው። ከበሮው የለም።»

እዚህ ላይ ቅሬታዋ አንድ ይመስላል እንጂ ሁለት ነው። የመጀመሪያው «ከራሴ ፋይል ጋር ሳወዳድረው ድምፁ ቀነሰ» የሚል ነው። ሁለተኛው «ከሌሎች ዘፈኖች ጋር ሳወዳድረው ጠፍጣፋ ነው» የሚል ነው። እሷም ልጁም ሁለቱን እንደ አንድ ችግር ነበር ያዩዋቸው። እኔም በመጀመሪያው ስልክ ላይ አልለየኋቸውም። የሁለቱ መንስኤ የተለያየ መሆኑ የገባን ቆይቶ ነው። ይህንን ጉዳይ መጻፍ የፈለግሁትም በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱን ቅሬታዎች አንድ ላይ የያዘ ሰው መፍትሔውን የሚፈልገው ተሳስቶ ነው፤ ሲፈልግም ዘፈኑን ይጎዳዋል።

መጀመሪያ የተሞከረው መፍትሔ

ልጁ በዚያው ሌሊት ብዙዎቻችን የምናደርገውን አደረገ። «ድምፁ ካነሰ ይጨመርበታላ» ብሎ ያለቀውን ማስተር፣ ማለትም ለመልቀቅ የተዘጋጀውን የመጨረሻ ሥራ፣ እንደገና ከፈተው። ሊሚተሩን፣ የድምፅ ጫፎች ከተወሰነ ልክ እንዳያልፉ የሚጨፈልቀውን መሣሪያ፣ ተጨማሪ 3 ዴሲቤል ገፋው። ከዚያ ሁለቱንም፣ የፊተኛውንና አዲሱን፣ ለሕዝብ በማይታይ መልኩ ዩቲዩብ ላይ ጫናቸውና ሊንኩን ላከልን።

በጆሮዬ አዳመጥኳቸው። አዲሱ ከፊተኛው አንዲት ጠብታ እንኳ አልጮኸም። ከበሮው ይባስ ብሎ ወደ ኋላ ሸሽቷል። አዝማቹ ላይ «ስ» እና «ሽ» ባሉበት ቃል ሁሉ ድምጿ ሻክሯል። ልጁ ግራ ገባው። «ጋሼ፣ እኔ ጋ እኮ ሜትሩ ከፍ ብሏል!» አለኝ። እውነቱን ነው። እሱ ጋ ያለው ሜትር ከፍ ብሏል።

ያልሠራበት ምክንያት ቀላል ነው። እሱ የጨመረውን አፑ መልሶ ይቀንሰዋል። ለመጨመር ሲል የጨፈለቀው ከበሮ ግን ተጨፍልቆ ይቀራል።

አፑ ምን እያደረገ ነው?

የስትሪሚንግ አገልግሎቶች ዘፈን ሲረከቡ መጀመሪያ ይለኩታል። የሚለኩት ከፍተኛውን ጫፍ ሳይሆን ዘፈኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለሰው ጆሮ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚሰማ ነው። የመለኪያው ስም ሉፍስ ነው፤ ሜትር ላይ LUFS ተብሎ ይነበባል። የአለካኩ መስፈርት የወጣው በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ሲሆን የመጀመሪያው ስሪት የ2006 እ.ኤ.አ. ነው። የዘፈን ቁጥር በተግባር ከዜሮ በታች ነው። ወደ ዜሮ በተጠጋ ቁጥር ዘፈኑ ይጮኻል። ስለዚህ -8 ሉፍስ የሆነ ዘፈን -14 ከሆነው በ6 ዴሲቤል ይበልጣል።

ከዚያ አገልግሎቱ አንድ የጋራ ልክ ያስቀምጣል። ስፖቲፋይ በተለመደው አቀማመጡ -14 ሉፍስ ላይ ያጫውታል። ዩቲዩብም እዚያው አካባቢ ነው። አፕል ሚውዚክ ደግሞ Sound Check የሚለው ሲበራ -16 አካባቢ ይሠራል። ከልኩ በላይ የሚጮኽ ዘፈን ሲጫወት አፑ የድምፅ ቁልፉን ራሱ ዝቅ ያደርጋል ማለት ነው። ፋይሉን አይነካውም። አይጨፈልቀውም፤ ባሱንም አይቀንስበትም። ሙሉ ዘፈኑን እኩል ዝቅ ያደርገዋል፣ በቃ።

ይህ የተደረገው አድማጭ ከዘፈን ወደ ዘፈን ሲሄድ በየሦስት ደቂቃው ቁልፍ እንዳይነካ ነው። ድሮ ዲጂታል ጣሪያው፣ ማለትም ፋይል ሊይዘው የሚችለው ከፍተኛ ጫፍ፣ ለሁሉም አንድ ስለነበር ጎልቶ የሚሰማው ከጣሪያው ሥር ብዙ ያጨቀ ነበር። ስለዚህ ሁሉም ያጭቅ ነበር። ኖርማላይዜሽን የሚባለው ይህ ድምፅን ወደ አንድ ልክ የማምጣት አሠራር ያንን ጥቅም ወሰደው።

መለካት

በማግስቱ ሦስታችን ተገናኘን። ከወሬ በፊት ቁጥር ይሻላል ብዬ ልጁ ላፕቶፕ ላይ ffmpeg ለሚባለው ፕሮግራም ይህችን አንድ መስመር ጻፍኩ።

```
ffmpeg -i song.wav -af ebur128=peak=true -f null -
```

ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ መጨረሻ ላይ ማጠቃለያ ያወጣል። ከዚያ ውስጥ የሚያስፈልጉን ሁለት መስመሮች ናቸው።

```
I:     -8.1 LUFS
Peak:   0.4 dBFS
```

የመጀመሪያው የሙሉ ዘፈኑ ጉልህነት ነው፤ -8.1። ሁለተኛው እውነተኛው የጫፍ ቁጥር ነው። ከዜሮ በላይ 0.4 ወጥቷል። የልጁ ሊሚተር ጣሪያው ዜሮ ላይ ነበር፤ ሆኖም የሚጠብቀው ናሙናዎቹን፣ ማለትም ፋይሉ የመዘገባቸውን የሞገዱን ነጥቦች፣ ብቻ እንጂ በሁለት ናሙናዎች መሃል የሚወጣውን ሞገድ አይደለም። ይህ ፋይል አገልግሎቱ ጋ ተጨምቆ ሲለወጥ ጫፎቹ የበለጠ ሊወጡና መሻከር ሊያመጡ ይችላሉ። በዚህ የተነሳ ነው እውነተኛውን ጫፍ -1 ላይ ወይም ከዚያ በታች አቁሙ የሚባለው።

ቀጥሎ ዩቲዩብን በኮምፒውተር ከፈትን። ቪዲዮው ላይ በቀኝ ጠቅ ሲደረግ Stats for nerds የሚል ምርጫ ይመጣል። እሱ ሲከፈት ከሚዘረዘሩት መስመሮች አንዷ ይህች ናት።

```
Volume / Normalized   100% / 51% (content loudness 5.9dB)
```

ይህች መስመር ነገሩን ሁሉ ታስረዳለች። መጨረሻ ላይ ያለው ቁጥር ዘፈኑ ከልኩ በ5.9 ዴሲቤል እንደሚበልጥ ይናገራል። -14 ላይ 5.9 ሲጨመር -8.1 ይሆናል፤ እኛ ከለካነው ጋር ገጠመ። 51% ማለት ደግሞ ማጫወቻው ድምፁን ወደ 51 በመቶ አውርዶታል ማለት ነው። ልጁ በሌሊት የሠራውን ማስተር ስንከፍተው 40% እና 8.0dB ይላል። እሱ 2.1 ዴሲቤል ጨመረ፤ ዩቲዩብ 2.1 ዴሲቤል ተጨማሪ ቀነሰ።

ልጁ መስመሯን ደጋግሞ ሲያያት ቆየ። «ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ የለፋሁት ለዜሮ ነው?» አለ። ለዜሮ እንኳ አልነበረም፤ ከዜሮ በታች ነበር። የሌሊቱ ማስተር ከዜሮ በላይ 0.6 ላይ ጫፍ ነበረው። ከሱ ላይ 8 ሲቀነስ ከበሮው ሲመታ የሚደርሰው -7.4 ድረስ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ማስተር ግን ከተቀነሰ በኋላ -5.5 ይደርስ ነበር። ሁለቱ በአፑ ላይ እኩል ጎልተው ይሰማሉ፤ ግን የአዲሱ ምት ወደ 2 ዴሲቤል አጥሯል።

ልክ አስተካክሎ ማወዳደር

ድምፃዊቷ ቁጥሩን አየች፤ ግን አላሳመናትም። «እሺ ቀነሰው። ግን ድምቀቱንም ወስዶታል። እሰማለሁ እኮ!» አለች። ተገቢ ጥርጣሬ ነው። የምትሰማውን ሰው አትሰሚም ማለት አይቻልም። ስለዚህ ፋይሉን አፑ በሚቀንሰው ልክ ቀነስነው።

```
ffmpeg -i song.wav -af volume=-5.9dB song_matched.wav
```

ስልኳ ላይ ጫንነው። የስልኩ ቁልፍ አንድ ቦታ ቆመ። አፑ ላይ የድምፅ ልኩ በተለመደው ቦታ መሆኑን አረጋገጥን፤ ኢኳላይዘር ጠፋ። ፊቷን አዙራ ማዳመጫውን አደረገች፤ እኔ እያቀያየርኩ አጫወትኩላት። ስድስት ጊዜ «ይህ አፑ ነው፣ ይህ ፋይሉ ነው» ብላ ገመተች። ሦስቱን አገኘች። ሳንቲም ተወርውሮም ቢሆን ከዚህ አያንስም።

«ድምቀቱ ተወሰደ» ያለችው ታዲያ ከየት መጣ? ከጆሮ ነው። የሰው ጆሮ ድምፅ ሲቀንስ ሁሉንም እኩል አይቀንስም። ባሱና ከላይ ያለው ቀጭን ድምፅ ከመሃለኛው ቀድመው ይደበዝዛሉ። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንን በ1933 እ.ኤ.አ. ለክተው በኩርባ አሳይተዋል። ስለዚህ አንድ ዘፈን 6 ዴሲቤል ዝቅ ሲል ለጆሮ የሚመስለው ዝግ ያለ ብቻ ሳይሆን ባሱ የሳሳ፣ ሲምባሉ የደበዘዘ ነው። የስልኩ ቁልፍ ከፍ ሲደረግ ሁለቱም ይመለሳሉ። እሷም ሁለት ደረጃ ከፍ አደረገችውና ዝም አለች። «እሱ ነው። ፋይሌ ነው» አለች።

የመጀመሪያው ቅሬታ እዚህ ላይ አለቀ። ያነሰው ድምፅ በቁልፍ የሚመለስ ነው።

ሁለተኛው ግን አላለቀም። እንደ ምሳሌ የምትጠቅሰው የሌላ ሰው ዘፈን ነበራት፤ ፋይሉንም ገዝታዋለች። ለካነው፤ -13.0 ሉፍስ፣ ጫፉ -1.0። እሱንም 1 ዴሲቤል ዝቅ አድርገን -14 ላይ ከእሷ ዘፈን አጠገብ አስቀመጥነው። አሁን ልዩነቱ ያለ ጥርጥር ይሰማል። የዚያኛው ከበሮ እስከ -2 ይደርሳል። የእሷ -5.5 ላይ ይቆማል። አማካዩ እኩል ሆኖ የምቱ ጫፍ በ3.5 ዴሲቤል ያንሳል ማለት ነው። ዓይኔ እያየ ልጁ አንገቱን ደፋ። ጠፍጣፋነቱ ከመጀመሪያውም ማስተሩ ውስጥ ነበር። ፋይሉ ጮክ ብሎ ሲጫወት ጩኸቱ ሸፍኖት ነበር፤ ኖርማላይዜሽን ጩኸቱን ሲቀንሰው ተገለጠ።

ይህንን ልዩነት ለማየት የሞገዱን ሥዕል ማየትም ይበቃል። ሁለቱን ፋይሎች -14 ላይ አድርገን ጎን ለጎን ከፈትናቸው። የእሷ በሁለት ማስመሪያ መሃል እንደተቆረጠ ሪባን ነው፤ ላይና ታቹ ቀጥ ያለ። የዚያኛው መሃሉ ሰውነት አለው፤ በየምቱ ላይ ደግሞ እንደ እሾኽ የሚወጣ ጫፍ አለው። ያ እሾኽ ነው ደረት ላይ የሚመታው።

የኢኳላይዘሩ ነገር

በመሃል አንድ ሌላ ጉዳይ ወጣ። እኛ ከመገናኘታችን በፊት ድምፃዊቷ በራሷ መንገድ ልታስተካክለው ሞክራ ነበር። አፑ ላይ ኖርማላይዜሽኑን አጠፋችው። ከዚያ ኢኳላይዘሩን ከፍታ 60 ኸርዝና 15 ኪሎኸርዝ ላይ ያሉትን ሁለት ተንሸራታቾች ወደ 6 ዴሲቤል ገደማ አወጣቻቸው። ሁላችንም የምናውቀው የፈገግታ ቅርጽ ነው፤ ዳርና ዳሩ ከፍ፣ መሃሉ ዝቅ።

መጀመሪያ ደስ አላት። ዘፈኑ ጮኸ፣ ባሱ መጣ። አዝማቹ ሲደርስ ግን ድምፁ ይሰነጠቃል። ከበሮና ባስ አንድ ላይ በመቱ ቁጥር «ክርር» የሚል ነገር አለ። ይህንንም የአፑ ጥፋት ነው ብላ መዝግባው ነበር።

ነገሩ ይህ ነው። ፋይሉ ጣሪያውን ቀድሞ ነክቷል። ኖርማላይዜሽን ሲጠፋ እዚያው ጣሪያ ላይ እንዳለ ይጫወታል። በዚያ ላይ 60 ኸርዝ ላይ 6 ዴሲቤል ሲጨመር የሚሄድበት ቦታ የለም። ስለዚህ የሞገዱ አናት ይቆረጣል። ጆሮ ያንን መቆረጥ እንደ መሰንጠቅ ይሰማዋል። ለማረጋገጥ ኢኳላይዘሩን እንዳለ ትተን ኖርማላይዜሽኑን ብቻ መልሰን አበራነው። መሰንጠቁ ጠፋ። አፑ የቀነሰው ወደ 6 ዴሲቤል ለኢኳላይዘሩ መንቀሳቀሻ ቦታ ሆነለት።

ይህ ግን ለሁሉም ዘፈን አይሠራም። ብዙ ያልተቀነሰ ወይም ጭራሽ ያልተቀነሰ ዘፈን ያን ያህል ክፍተት አይኖረውም። ስለዚህ ከመጨመር መቀነስ ይሻላል። ባስ የጎደለ ከመሰለ 60ን በ6 ከማውጣት 400 ኸርዝን በ2 ወይም በ3 ዝቅ ማድረግና የስልኩን ቁልፍ መጨመር ነው። መሃሉ ሲጸዳ ባሱ ራሱ ይወጣል። ኢኳላይዘሩ «Preamp» የሚል ተንሸራታች ካለው ደግሞ ከሁሉም በላይ የተጨመረውን ቁጥር ያህል እሱን ዝቅ ማድረግ ነው። 60 ላይ 4 ከተጨመረ «Preamp» -4 ላይ ይቀመጣል። አንዳንድ ስልኮችና አፖች ይህንን ራሳቸው ያደርጉታል። ሰዎች «ኢኳላይዘር ሳበራ ድምፁ ይቀንሳል» የሚሉት ብዙ ጊዜ ይህ ነው፤ ብልሽት አይደለም።

ኢኳላይዘር የማይችለውንም መናገር ያስፈልጋል። የተጨፈለቀ ከበሮን አይመልስም። የከበሮውን ቀለም ሊያደምቅ ይችላል። ምቱና ከምቱ በኋላ ያለው ጸጥታ መሃል የነበረው ልዩነት ግን ሊሚተር ከበላው በኋላ በተንሸራታች አይመጣም።

ሁለተኛው ማስተር

ስለዚህ ወደ ሚክሱ ተመለስን፤ ሊሚተር ወዳልነካው ክፍል። ልጁ ፕሮጀክቱን በሙሉ አስቀምጦት ስለነበር ተረፍን።

የመጀመሪያው ጥያቄ ሊሚተሩ ለምን ያን ያህል ሠራ የሚል ነበር። አዝማቹ ላይ መርፌው እስከ 7 ዴሲቤል ይቀንስ ነበር። ልጁ ያን ያህል መግፋት የፈለገው ዘፈኑ ሳይገፋ ስለሚሳሳበት ነው። የሚሳሳበት ምክንያት ግን ታች ነበር። ትልቁ ከበሮና ባስ ጊታሩ ሁለቱም 60 ኸርዝ አካባቢ ተቀምጠዋል፤ አንዱ ሌላውን ይገፋል። በዚያ ላይ ጊታሩና የእሷ ድምፅ ሥር ማንም የማይሰማው ጉምጉምታ አለ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ለጆሮ ምንም ሳይጨምር የጣሪያውን ቦታ ይበላል።

ጊታሩንና ድምፁን ከ90 ኸርዝ በታች ቆረጥናቸው። ባስ ጊታሩን 60 ላይ 3 ዴሲቤል ዝቅ አደረግነው፤ ቦታውን ለከበሮው ለቀቀ። ጊታሩን 300 አካባቢ 2 ዴሲቤል ቀነስነው። ይህ ብቻ ሆኖ ከበሮው ሊሚተር ሳይነካው ወደ ፊት መጣ። ከዚያ ሊሚተሩ በአዝማቹ ላይ ከ2 ዴሲቤል እንዳያልፍ አድርገን፣ ጣሪያውን በእውነተኛ ጫፍ -1 ላይ አቆምነው።

ሲለካ -11.2 ሉፍስ ወጣ። ልጁ «-14 እናድርገው እንጂ፣ ልኩ እሱ አይደል?» አለ። ሞከርነው። እሷ አልወደደችውም፤ እኔም አልወደድኩትም። አዝማቹ ላላ። የዚህ ዘፈን ባሕርይ ትንሽ መታመቅ ይፈልጋል። -14 አፑ የሚያጫውትበት ልክ ነው እንጂ ማስተር መድረስ ያለበት ግብ አይደለም። ከሱ በላይ የሆነ ዘፈን ዝቅ ይላል፣ ሌላ ቅጣት የለውም። ጥያቄው ዝቅ ሲል ምን ይቀርለታል ነው። አዲሱ ማስተር 2.8 ዴሲቤል ዝቅ ሲል ጫፉ -3.8 ላይ ይደርሳል። ከመጀመሪያው ማስተር 1.7 ይበልጣል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ከበሮ ላይ ግን በግልጽ ይሰማል።

የሠራውና ያልሠራው

ዘፈኑ የሚወደድ እንጂ የሚለካ ብቻ ስላልሆነ የመጀመሪያውንና አዲሱን ማስተር በእኩል ልክ አድርገን ለአራት ሰዎች አጫወትን። የትኛው የትኛው እንደሆነ አልነገርናቸውም። ሦስቱ አዲሱን መረጡ። አንደኛው ሰው የመጀመሪያውን መረጠ፤ «ይበልጥ ይይዘኛል» አለ። ልክ ነው፤ የታመቀ ድምፅ የሚወድ ጆሮ አለ።

ያልሠራበት ቦታም አለ። ኖርማላይዜሽን በሁሉም ቦታ የለም። አድማጭ ሊያጠፋው ይችላል። ፋይሉ በቀጥታ ከስልክ ወደ ስፒከር ሲሄድም የለም። በእንደዚያ ያለ ቦታ አዲሱ ማስተር ከመጀመሪያው 3.1 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ይሰማል። ድምፃዊቷ በአንድ ዝግጅት ላይ ዘፈኗ ከሌሎች መሃል በፋይል ሲጫወት ይህንን አስተውላ ቅር ብሏታል። ነገሩን ነግሬያት ነበር፤ ግን መስማት ሌላ ነው። ለእንደዚህ ያለ አጋጣሚ ልጁ ትንሽ ገፋ ያለ ሌላ ፋይል ለብቻው አዘጋጅቶላታል።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ግማሽ ቀን በላብን። ልጁ «እኔ ጋ አሁንም ጠፍጣፋ ነው፣ እንደ ስልክ ጥሪ ነው» ይል ነበር። ማዳመጫው ብሉቱዝ ነው፤ ማይክም አለው። የመቅጃው ፕሮግራም ያንን ማይክ ይዞት ስለነበር ላፕቶፑ ማዳመጫውን ወደ ጥሪ ሁነታ ቀይሮታል። በዚያ ሁነታ ድምፁ ሞኖ ይሆናል፤ ከላይ ያለው ቀጭን ድምፅም ይቆረጣል። የማይኩን ምርጫ ወደ ላፕቶፑ ማይክ ስንቀይረው በአንድ ጊዜ ተከፈተ። ከኖርማላይዜሽን ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ግን ቅሬታው በቃል ሲነገር አንድ ዓይነት ነው። መለያው ይህ ነው፤ ሁሉም ዘፈን በዚያ ማዳመጫ ላይ ብቻ የስልክ ጥሪ ከመሰለ ችግሩ ከዘፈኑ አይደለም።

አድማጭ ሆኖ ለሚያስተካክል

ዘፈን የማይሠራ፣ የሚያዳምጥ ብቻ ሰው ከዚህ ጉዳይ የሚወስደው የቅደም ተከተሉን ነገር ነው። መጀመሪያ ኢኳላይዘሩን ማጥፋት። ሁለተኛ የአፑን የድምፅ ልክ ማየት። ስፖቲፋይ ላይ Settings ውስጥ Playback ሥር ይገኛል፤ ቦታው ከስሪት ስሪት ሊቀያየር ይችላል። በክፍያ ለሚጠቀም ሰው Loud፣ Normal እና Quiet የሚሉ ሦስት ደረጃዎች አሉ፤ በቅደም ተከተል -11፣ -14 እና -19 ሉፍስ ናቸው። ብዙ ሰው Quiet ላይ ሳያውቅ አስቀምጦት «ስልኬ ድምፁ ደከመ» ይላል። ወደ Normal መመለስ 5 ዴሲቤል ይሰጠዋል።

Loud ደግሞ ጫጫታ ላለበት ቦታ ነው። እዚያ ልክ ለመድረስ ለስለስ ያሉ ዘፈኖች ወደ ላይ ይገፋሉ፤ ጫፋቸው ጣሪያ ሲነካ አፑ ራሱ ሊሚተር ያስገባል። ስለዚህ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ በጥሩ ማዳመጫ ለሚሰማ ሰው Normal ላይ ሆኖ የስልኩን ቁልፍ መጨመር የተሻለ ነው። አይፎን ላይ Sound Check እና EQ ሁለቱም በMusic ቅንብር ሥር አብረው ይገኛሉ። ዩቲዩብ ከልኩ በላይ የሆነውን ይቀንሳል እንጂ ከልኩ በታች የሆነውን ወደ ላይ አያነሳም። በStats for nerds ላይ content loudness ከዜሮ በታች ከሆነ ዘፈኑ ራሱ ዝግ ብሎ ነው የተሠራው፤ እዚያ ያለው መፍትሔ ቁልፍ መጨመር ብቻ ነው።

ልኩ ከተስተካከለ በኋላ ኢኳላይዘር ይመጣል፤ አንድ ተንሸራታች በአንድ ጊዜ፣ ከ3 ዴሲቤል ሳይበልጥ። የተለያዩ ሰዎች የሠሯቸውን ሦስት ዘፈኖች ማጫወት ይረዳል። ሦስቱም ላይ ባስ የጎደለ ከመሰለ የማዳመጫው ጠባይ ነው፤ ኢኳላይዘር ያግዘዋል። አንዱ ላይ ብቻ ከሆነ የዚያ ዘፈን አሠራር ነው። ድምፃዊቷ ዛሬ ስልኳ ላይ ያላት 400 ላይ -2፣ 60 ላይ 2 ነው፤ ሌላው ሁሉ ዜሮ።

ልጁ ደግሞ ሚክስ ሲጀምር የሚወደውን የሌላ ሰው ዘፈን ፕሮጀክቱ ውስጥ ያስገባና ከራሱ ጋር እኩል እስኪሆን ዝቅ ያደርገዋል። ባለፈው ሳምንት አዲስ ሥራ ላከልኝ፤ ከፋይሉ ሥር በጽሑፍ «ጋሼ፣ እኩል አድርገህ ስማው» ይላል።